ከአምስተኛው ዓመት በኋላ፦ የፋብሪካ ዋጋ የሚወሰንባት አንዲት መስመር

ከጎተራ ማሳለጫ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙት ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ባለቤት ለውጠዋል። በደርግ ዘመን የተወረሱ አሉ፤ ከዚያ በኋላ በፕራይቬታይዜሽን የተሸጡም አሉ። የንፋስ ስልኩ የፔፕሲ ፋብሪካ በ1988 ዓ.ም. ወደ ሞሐ ለስላሳ መጠጦች ኢንዱስትሪ የዞረው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ ደግሞ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መስራች አባቶች ሲያርፉ ወይም ሲደክሙ፣ ልጆች ድርሻቸውን ሲካፈሉ፣ ሸሪኮች ሲለያዩ ወይም አዲስ ባለሀብት ሲገባ ያው ጥያቄ ይነሳል፦ ይህ ድርጅት ስንት ያወጣል?

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣና የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበው መልስ መልኩ ተቀይሯል። ቀድሞ የቦታው ስፋትና የማሽኑ ብዛት ተቆጥሮ በሽማግሌ ይታረቅ የነበረው ዋጋ አሁን በኤክሴል ተሠርቶ ይመጣል። የሚመጣውም በአብዛኛው ድርጅቱ ወደፊት የሚያተርፈውን ነፃ ጥሬ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመልስ ስሌት ነው። ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ነገር ግን ገጾቹን ሁሉ አልፎ የመጨረሻውን ዋጋ በአመዛኙ የሚወስነው አንድ መስመር ነው። በእኛ አገር የዋጋ ግሽበትና የምንዛሪ ሁኔታ ደግሞ ያ መስመር በቀላሉ ይሳሳታል፤ ስህተቱም ብዙውን ጊዜ ወደ ሻጩ ያደላል። ይህ ሐተታ ስለዚያ መስመር ነው።

ስሌቱ ከምን ይነሳል

ምሳሌ ልያዝ። ሳሪስ አካባቢ ያለ፣ ለፓስታና ለለስላሳ መጠጥ አምራቾች ካርቶን የሚያቀርብ ፋብሪካ እናስብ። ፋብሪካው የታሰበ ነው፤ ቁጥሮቹም ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። ባለፈው በጀት ዓመት 200 ሚሊዮን ብር ሸጧል። ወለድና ግብር ከመቀነሳቸው በፊት ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሽያጭ 20 ብር የሥራ ትርፍ ያገኛል።

በመጀመሪያው የትንበያ ዓመት ሽያጩ በ20 በመቶ አድጎ 240 ሚሊዮን ይደርሳል እንበል። የሥራ ትርፉ 48 ሚሊዮን ይሆናል። የ30 በመቶው የትርፍ ግብር 14.4 ሚሊዮን ነውና 33.6 ሚሊዮን ይተርፋል። በዚህ ላይ በደብተር ብቻ ወጪ የሆነውንና ከካዝና ያልወጣውን የእርጅና ተቀናሽ 7.2 ሚሊዮን እንመልሳለን። ከዚያ ለማሽንና ለተሽከርካሪ የወጣውን 12 ሚሊዮን እንቀንሳለን። ሽያጩ በ40 ሚሊዮን ስላደገ ተጨማሪ የወረቀት ጥቅል መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፣ ተጨማሪ ዱቤም በደንበኞች እጅ ይቆያል፤ ለዚህ 8 ሚሊዮን ታስሯል። የሚቀረው 20.8 ሚሊዮን ብር ነው። ለድርጅቱ የሚተርፈው ነፃ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ይህ ነው።

ወለድ አለመቀነሱን ልብ ይሏል። ይህ ገንዘብ ባለአክሲዮኑም አበዳሪው ባንክም ገና ያልተካፈሉት ነው። ስለዚህ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመለሰውም ሁለቱ ወገኖች በሚጠይቁት አማካይ የካፒታል ወጪ ነው። ባለአክሲዮኑ 28 በመቶ ይጠብቃል፣ ባንኩ 17 በመቶ ወለድ ያስከፍላል፣ ከካፒታሉ ሦስት አራተኛው የባለአክሲዮን፣ አንድ አራተኛው የባንክ ነው እንበል። ወለዱ ከግብር በፊት ስለሚቀነስ ለድርጅቱ እውነተኛ ወጪው ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። አማካዩ 24 በመቶ ይሆናል። በሠንጠረዡ ውስጥ ከተጣራ ትርፍ ተነስቶ፣ ማለትም ወለዱን አስቀድሞ ቀንሶ፣ በ24 በመቶ ካሰላ በኋላ መጨረሻ ላይ እንደገና ዕዳውን የሚቀንስ ሰው አንዱን ብድር ሁለት ጊዜ አስከፍሏል ማለት ነው። ይህ ሻጩን የሚጎዳ ስህተት ነው፤ የሌሎቹ ስህተቶች ጉዳት ግን በአብዛኛው የገዢው ነው።

የሽያጩ ዕድገት በየዓመቱ ቀስ እያለ በአምስተኛው ዓመት 12 በመቶ ላይ ይደርሳል ብለን ከቀጠልን፣ ነፃ ፍሰቱ ከ21 ተነስቶ ወደ 25፣ 30፣ 36 እና 41 ሚሊዮን ብር ያድጋል። አምስቱም በ24 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመለሱ ድምራቸው 78 ሚሊዮን ብር ነው። ገዢና ሻጭ ብዙ ሰዓት የሚከራከሩት በእነዚህ አምስት ዓመታት ላይ ነው፦ የወረቀት ዋጋ ይህን ያህል ይጨምራል፣ ያ ደንበኛ ይቀራል፣ ይህኛው ይመጣል እያሉ። ትልቁ ገንዘብ ግን ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ያቺ መስመር

ፋብሪካው በስድስተኛው ዓመት አይዘጋም። ስለዚህ ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ያለው ፍሰት ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል። ባለሙያዎች ተርሚናል ቫልዩ የሚሉት፣ እኔ የማብቂያ ዋጋ የምለው ይህ ነው። ፍሰቱ ከዚያ በኋላ በማይለወጥ መጠን እያደገ ይቀጥላል ተብሎ ይታሰባል፤ ቀመሩም አጭር ነው፦

```
TV5 = FCFF6 / (WACC - g)
```

FCFF6 የስድስተኛው ዓመት ነፃ ፍሰት፣ WACC አማካይ የካፒታል ወጪው፣ g ደግሞ ዘላቂው ዕድገት ነው። ዕድገቱ 10 በመቶ ነው ካልን የስድስተኛው ዓመት ፍሰት 45.5 ሚሊዮን ይሆናል፤ በ14 በመቶ ሲካፈል 325 ሚሊዮን ይመጣል። ይህ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ የቆመ ገንዘብ ስለሆነ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሲመለስ የዛሬ ዋጋው 111 ሚሊዮን ነው። ከ78ቱ ጋር ሲደመር ፋብሪካው 189 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ከአጠቃላዩ ዋጋ ወደ ስድስት አስረኛ የሚጠጋው ከዚያች አንድ መስመር የመጣ ነው።

አሁን ከሠንጠረዡ ሌላ ምንም ሳንነካ ዘላቂውን ዕድገት ብቻ እንለውጥ። 12 በመቶ ስናደርገው ፋብሪካው 210 ሚሊዮን ያወጣል። 15 በመቶ ስናደርገው 259 ሚሊዮን ይሆናል። 3 በመቶ ስናደርገው ደግሞ 148 ሚሊዮን ላይ ይወርዳል። ማሽኑ ያው ነው፤ ሠራተኛውም፣ ደንበኛውም፣ ቦታውም እንዲሁ። ልዩነቱ ግን 111 ሚሊዮን ብር ነው። ታዲያ ትክክለኛው ዕድገት የትኛው ነው?

ዕድገቱ በየትኛው ገንዘብ?

በውጭ የፋይናንስ መጻሕፍት ውስጥ ዘላቂ ዕድገት 2 ወይም 3 በመቶ ተብሎ ይገኛል። የዋጋ ግሽበታቸው 2 በመቶ አካባቢ ለሆነባቸው አገሮች ትክክል ነው። የእኛ ግሽበት ግን በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ 14 በመቶ ወርዷል። በረጅሙ ጊዜ 10 በመቶ ላይ ይረጋል ብለን እንያዝ። በዚህ አገር ሽያጩ በዓመት 3 በመቶ ብቻ የሚያድግ ፋብሪካ እያደገ አይደለም፤ በእውነተኛ ዋጋ በየዓመቱ ከ6 በመቶ በላይ እየከሳ ነው። በ11 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ይሆናል። ከውጭ መጽሐፍ 3 በመቶን ገልብጦ በ24 በመቶ የብር ተመን ያካፈለ ሰው፣ ሳያውቀው ጤነኛውን ፋብሪካ እየሞተ ነው ብሎ ፈርዶበታል።

የተገላቢጦሹ ስህተት ደግሞ ይብሳል። አማካሪው የካፒታል ወጪውን በዶላር አስልቶ 14 በመቶ ያመጣል፤ ዕድገቱን ግን ከፋብሪካው የብር ሽያጭ ወስዶ 10 በመቶ ይለዋል። አሁን የሚያካፍለው በ14 በመቶ ሳይሆን በ4 በመቶ ነው። በዚህ ሒሳብ ይኸው የካርቶን ፋብሪካ 692 ሚሊዮን ብር ያወጣል፤ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ስለሚመስል ይህ ስህተት በዓይን አይያዝም። የሚያዘው አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ ብቻ ነው፦ የካፒታል ወጪው ውስጥ የገባው ግሽበት የትኛው ነው፣ ዕድገቱ ውስጥ የገባውስ? መልሱ አንድ ካልሆነ ዋጋው ዋጋ አይደለም።

በእኛ ምሳሌ ሁለቱም በብር ናቸው፤ ሁለቱም የ10 በመቶ ግሽበትን ይዘዋል። ስለዚህ 10 በመቶ ዘላቂ ዕድገት ማለት ፋብሪካው በእውነተኛ መጠኑ ባለበት ይቆያል ማለት ነው። 12 በመቶ የሚል ሻጭ ፋብሪካው ከግሽበት በላይ ወደ 2 በመቶ ገደማ ለዘለዓለም ያድጋል እያለ ነው። 15 በመቶ የሚለው ደግሞ ከግሽበት በላይ 4.5 በመቶ ይጠይቃል። ለአምስት ወይም ለአስር ዓመት ይቻል ይሆናል፤ ፉክክር ባለበት የካርቶን ሥራ ላይ ያለማቋረጥ ይሆናል ማለት ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ያለፈው ዓመት ሽያጭ መጨመሩ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ያደገው ዋጋው ነው ወይስ የተሸጠው ካርቶን ቶን? ደረሰኙን ሳይሆን የመጋዘኑን የወጪ መዝገብ ማየት ያስፈልጋል።

ዕድገት በነፃ አይመጣም

እስካሁን የነካነው በቀመሩ ውስጥ ከማካፈያው መስመር በታች ያለውን ቁጥር ነው። የበለጠ የሚደበቀው ስህተት ከመስመሩ በላይ፣ በስድስተኛው ዓመት ፍሰት ውስጥ ነው።

በብዙ የግምት ሠንጠረዦች ላይ በመጨረሻው ዓመት እንዲህ የሚል ማስታወሻ ይታያል፦ ድርጅቱ ስለበሰለ የማሽን ወጪው ከእርጅና ተቀናሹ ጋር እኩል ተደርጓል። ሲሰሙት ደህና ነው፤ ያረጀውን ይተካል፣ ከዚያ በላይ አይገዛም። በእኛ ምሳሌ ይህን ብናደርግ የስድስተኛው ዓመት ፍሰት ከ45.5 ወደ 54.7 ሚሊዮን ያድጋል፤ የፋብሪካውም ዋጋ ከ189 ወደ 212 ሚሊዮን ይዘላል።

ነገር ግን የእርጅና ተቀናሽ የሚሰላው ማሽኑ በተገዛበት ዋጋ ነው፤ የሚተካው ደግሞ በሚተካበት ቀን ዋጋ ነው። ግሽበቱ 10 በመቶ በሆነበትና ማሽን 10 ዓመት በሚያገለግልበት ፋብሪካ ውስጥ፣ በየዓመቱ እኩል ማሽን እየተተካ ምንም ባያድግ እንኳ፣ የደብተሩ ተቀናሽ ከእውነተኛው የመተኪያ ወጪ 61 በመቶውን ብቻ ይሸፍናል። ቀሪው 39 በመቶ ከነፃ ፍሰቱ ላይ መቀነስ አለበት። ሁለቱን እኩል ማድረግ ማለት በየዓመቱ ማሽኖቹን እየበሉ ትርፍ ነው ማለት ነው።

የብር ምንዛሪ ለውጥ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ዶላር ወደ 30 ብር ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ከዚያም ጨመረ። የዚህን ትርጉም በአንድ ማሽን ላይ እንየው። ፋብሪካው በ2012 መግቢያ ላይ በ500,000 ዶላር የካርቶን ማተሚያና መቁረጫ ማሽን ገዝቷል። ደብተሩ ላይ 15 ሚሊዮን ብር ተብሎ ተመዝግቧል፤ በየዓመቱም 1.5 ሚሊዮን እርጅና ይቀነስለታል። ዶላሩ 140 ብር ነው ብለን ብንይዝ ያንኑ ማሽን ዛሬ ለመተካት 70 ሚሊዮን ብር፣ በዓመት ሲከፈል 7 ሚሊዮን ያስፈልጋል። ደብተሩ 1.5 ይላል፣ እውነቱ 7 ነው። ከዚህ አንድ ማሽን ብቻ በዓመት 5.5 ሚሊዮን ብር ትርፍ መስሎ ይታያል።

ይህን ለማወቅ ፋብሪካው ውስጥ መግባት የግድ ነው። የቋሚ ንብረት መዝገቡን ይዞ ማሽን በማሽን ማለፍ፣ የተመረተበትን ዓመት ሰሌዳው ላይ ማንበብ፣ ሮለሮቹ ስንት ጊዜ እንደተጠረቡ ቴክኒሻኑን መጠየቅ፣ ደብተር ላይ ዋጋው ዜሮ ሆኖ አሁንም ቀንና ሌሊት የሚሠራውን ማሽን ለይቶ መጻፍ። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ማሽን ዋና ምልክት ነው። ዜሮ እርጅና እየተቀነሰለት የሚሠራ ማሽን ትርፉን አያሳንስም፤ ሲሰበር ግን ሙሉ ዋጋው በአንድ ቀን ይመጣል።

የካርቶን ፋብሪካችንን እንዲህ ስናልፈው ማሽኖቹን በሙሉ ዛሬ ለመተካት 180 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል እንበል። በ10 ዓመት ዕድሜ በዓመት 18 ሚሊዮን ነው፤ በስድስተኛው ዓመት ዋጋ ደግሞ 32 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ሠንጠረዡ የያዘው ግን 23 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ልዩነቱን ስንቀንስ የስድስተኛው ዓመት ፍሰት ወደ 36.7 ሚሊዮን ይወርዳል፤ የፋብሪካው ዋጋም 168 ሚሊዮን ይሆናል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ከፍ ያለ እርጅና ስለሚያስመዘግቡ ግብሩ ትንሽ ይቀላል፤ ያ ጥቂት ይመልሳል፣ መልኩን ግን አይለውጥም።

ሠንጠረዡን የሚያጋልጥ አንድ ማካፈል

ፋብሪካ ውስጥ መግባት ለማይችል፣ የአክሲዮን ሽያጭ መግለጫ ብቻ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ሌላ መፈተሻ አለ። በስድስተኛው ዓመት ከግብር በኋላ ካለው የሥራ ትርፍ ውስጥ ስንት እጁ ወደ ድርጅቱ ተመልሶ ይገባል? ዘላቂውን ዕድገት በዚህ ድርሻ ማካፈል ነው። የሚመጣው ቁጥር ከእንግዲህ የሚገባው እያንዳንዱ ብር በዓመት ስንት ያስገኛል ተብሎ እንደተገመተ ይናገራል።

በእኛ ፋብሪካ የስድስተኛው ዓመት የሥራ ትርፍ ከግብር በኋላ 64.6 ሚሊዮን ነው። ማሽንና እርጅናን እኩል ባደረገው ሠንጠረዥ ውስጥ ተመልሶ የሚገባው 15 በመቶው ብቻ ነው። 10 በመቶ ዕድገትን ለዚህ ስናካፍል 65 በመቶ ይመጣል፤ ከእንግዲህ ለዘለዓለም እያንዳንዱ አዲስ ብር በዓመት 65 ሳንቲም ያተርፋል እንደማለት ነው። ካርቶን መሥራት ይህን ያህል ቢያተርፍ ኖሮ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ያለው መጋዘን ሁሉ የካርቶን ፋብሪካ በሆነ ነበር። ማሽኖቹን ቆጥረን በሠራነው ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ተመልሶ የሚገባው 43 በመቶ ነው፤ ውጤቱም 23 በመቶ ይሆናል። ከ24 በመቶው የካፒታል ወጪ ጋር ይቀራረባል። ፉክክር ባለበት ሥራ ላይ በረጅሙ ጊዜ የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጥሩ ነገር አለ። አዲስ የሚገባው ገንዘብ ልክ የካፒታል ወጪውን ያህል ብቻ የሚያስገኝ ከሆነ ዕድገቱን 8 ማድረግ ወይም 12 ማድረግ ዋጋውን ብዙም አይለውጠውም፤ ከፍ ያለ ዕድገት ያንኑ ያህል ከፍ ያለ መዋጮ ይጠይቃልና። ዋጋው በዕድገት ቁጥር እንደ ልብ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ ሠንጠረዡ ዕድገትን ያለ ክፍያ እየሰጠ ነው ማለት ነው።

ቦታውና «ለዘለዓለም»

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ስለ ፋብሪካ ዋጋ ሲነሳ ሻጩ ቦታውን ማንሳቱ አይቀርም። ዋና መንገድ ዳር ያለ ይዞታ ነውና እውነት አለው። ሆኖም ፋብሪካው የቆመበት ቦታ ነፃ ፍሰቱን ሲያመነጭ ቆጥረነዋል፤ ያለ ቦታው ፍሰቱ የለም። ስለዚህ 168 ሚሊዮን ላይ የቦታውን ግምት መደመር አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው። የሚደመረው ከግቢው ተለይቶ የሚያድር ትርፍ ቦታ ወይም ለሌላ የተከራየ መጋዘን ብቻ ነው፤ የመጋዘኑም ኪራይ ከፍሰቱ ውስጥ ከወጣ በኋላ። ቦታው ለሌላ አገልግሎት ከፋብሪካው የበለጠ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው፤ የመዝጊያ ወጪ፣ የሠራተኛ ካሳና የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያለበት ሌላ ውል።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሊዝ ይዞታ የጊዜ ገደብ አለው። «ለዘለዓለም» የሚለው ግምት ታዲያ ስንት ዋጋ ይሸከማል? ሊዙ 20 ዓመት የቀረው ከሆነና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ብንቆርጠው ከማብቂያው ዋጋ ላይ 17 በመቶ ያህል፣ ማለትም 15 ሚሊዮን ብር ገደማ ይጠፋል። ካፒታል ውድ በሆነበት አገር ሩቁ ዘመን የሚፈራውን ያህል ክብደት የለውም። ክብደቱ ያለው ከስድስተኛው እስከ ሃያኛው ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ወሳኙ ማሽኑ ነው።

ለባለአክሲዮኑ የሚደርሰው

168ቱ ሚሊዮን የድርጅቱ ዋጋ ነው እንጂ የሻጩ ኪስ አይደለም። ፋብሪካው 45 ሚሊዮን የባንክ ዕዳ አለበት፤ ባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ 5 ሚሊዮን ነው። ለባለአክሲዮኖቹ የሚቀረው 128 ሚሊዮን ይሆናል። በሻጩ ሠንጠረዥ ግን 212 ብለን ተነስተን 172 ሚሊዮን ላይ እንደርሳለን። የድርጅቱ ዋጋ በ26 በመቶ ሲጋነን የባለአክሲዮኑ ድርሻ በ34 በመቶ ተጋንኗል። ዕዳው ባለበት ስለሚቆም ስህተቱ ሁሉ የሚያርፈው በአክሲዮን ገዢው ላይ ነው።

ይህን ስሌት ለባንክ አክሲዮን መጠቀም እንደማይገባም መታወቅ አለበት። በገበያው ላይ በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ለባንክ የአስቀማጭ ገንዘብ እንደ ጥሬ ዕቃው ነው፤ ወለድም የሥራው ወጪ እንጂ የፋይናንስ ወጪ ብቻ አይደለም። ወለድን ወደ ጎን ትቶ የሚነሳ ስሌት እዚያ አይሠራም። የዚህ ስሌት ቤቱ ፋብሪካ፣ ትራንስፖርት፣ ሆቴል፣ ቴሌኮም ነው።

ቴሌኮም ካነሳን ስሌቱ ወደ ኋላም እንደሚነበብ ላሳይ። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 10 በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ይህ ማለት የኩባንያው የባለአክሲዮን ዋጋ 300 ቢሊዮን ብር ነው ማለት ነው። ሽያጩ ሲዘጋ 10.7 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን ተሽጦ 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰብስቧል። አንድ ገዢ የራሱን 24 በመቶ ተመንና 10 በመቶ ዘላቂ ዕድገት ይዞ ቢነሳ፣ ዕዳውን እንኳ ሳይደምር፣ 300 ቢሊዮን በ14 በመቶ ሲባዛ 42 ቢሊዮን ይመጣል። ዋጋው እንዲያዋጣው ኩባንያው ከኔትወርክ ማስፋፊያው ሁሉ በኋላ በዓመት 42 ቢሊዮን ብር ነፃ ፍሰት መድረስ አለበት። የ2016 በጀት ዓመት ገቢው 93.7 ቢሊዮን፣ የ2017ቱ ደግሞ 162 ቢሊዮን ነበር። 42 ከመጀመሪያው ገቢ 45 በመቶ፣ ከሁለተኛው 26 በመቶ ነው። ዋጋው ውድ ነው ወይም ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም። ጥያቄው ግን ጠርቶ ይወጣል፦ የቴሌኮም ኩባንያ ከመቶ ብር ገቢው ማማና መሣሪያ ገዝቶ ስንት ብር ያተርፋል? 300 ብር ውድ ነው ወይ ከሚለው ይህ ይሻላል፤ መልስ ሊፈለግለት ይችላልና።

በንፋስ ስልክም ሆነ በገበያው ላይ የሚሸጥ ድርጅት ሁሉ ሦስት ነገሮችን በግልጽ ጽፎ እንዲያቀርብ መጠየቅ የገዢው መብት ነው፤ በገበያው ላይ ደግሞ ተቆጣጣሪው ሊያስገድደው ይገባል ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ በካፒታል ወጪውና በዘላቂው ዕድገት ውስጥ የተያዘው ግሽበት ስንት እንደሆነና አንድ መሆኑን። ሁለተኛ፣ በስድስተኛው ዓመት የተያዘው የማሽን ወጪ በዛሬ የመተኪያ ዋጋ የተሰላ መሆኑን። ሦስተኛ፣ አዲስ የሚገባው ገንዘብ ያስገኛል የተባለው ትርፍ ስንት በመቶ እንደሆነ። ሦስቱም በአንድ ገጽ ይጻፋሉ። ይህን ገጽ ያላየ ገዢ፣ የቀሩትን ገጾች ሁሉ ቢያነብም፣ የሚከፍለው ዋጋ ከየት እንደመጣ አላወቀም።